ስድስት አስኳል በአንድ ስኒ

ትንሹ ወንድሜ ጂም ከጀመረ ሦስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በጠዋት ያልተነሳ ሰው ሙቀቱ ይቀድመዋል፤ ስለዚህ እሱ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሳቢያን ወዳለው ቤታችን ይመለሳል። ላቡን ሳይጠርግ በቀጥታ ወደ ማድቤት ይገባና ስድስት እንቁላል ይደረድራል። አንዱን በሳህን ጠርዝ ሰነጠቅ ያደርግና አስኳሉን ከአንዱ ግማሽ ቅርፊት ወደ ሌላው እያገላበጠ ነጩን ብቻ ወደ መጥበሻው ያወርዳል። አስኳሉ የቡና ስኒ ውስጥ ይጠራቀማል። ስድስቱም ሲያልቁ ስኒውን አንስቶ ገንዳው ውስጥ ይደፋውና ውኃ ይለቅበታል።

እማዬ ይህን ባየች ቁጥር ፊቷ ይቀየራል። እንቁላል በወግ ሲበላ ያየች ሴት ናት። በልጅነታችን አንድ እንቁላል ለሁለት ልጅ ስትከፍል አስኳሉን በክር ቆርጣ እኩል ታደርግልን ነበር። አንድ ቀን ግን ዝም ማለት አቃታት።

«ስድስት በላሁ ትላለህ እንጂ የበላኸው ሦስት ነው» አለችው።

«አቦ እማ! ፕሮቲኑ ያለው ነጩ ላይ ነው። አስኳሉ ስብ ብቻ ነው» አላት። አሰልጣኙም፣ አብረውት የሚሠሩት ልጆችም እንዲህ እንደሚሉ ነገራት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የተማርኩት ሥነ ምግብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ፍርዱ ወደ እኔ ይመጣል። ያን ጊዜ መልሱን በደፈናው አውቀው ነበር እንጂ በራሳችን ማድቤት፣ በራሳችን እንቁላል መዝኜ አላውቅም። ስለዚህ ለኬክ የምጠቀምባትን ትንሿን ሚዛን አወጣሁ።

ያን ቀን ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት እንቁላል ነበረን። አንዱ ወንድሜ ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ እንቁላል ነው። ሌላው እማዬ ቀፊራ ገበያ ከገጠር ከሚመጡ ሴቶች የምትገዛው የሐበሻ እንቁላል ነው። መጀመሪያ የፈረንጁን መዘንኩ፤ ከነቅርፊቱ 58 ግራም ሆነ። ሰብሬ ስለየው ነጩ 34፣ አስኳሉ 17፣ ቅርፊቱ 7 ግራም መጣ። ነጩ የአስኳሉ እጥፍ ነው ማለት ነው። ወንድሜ «አየሽ!» አለኝ።

ክብደቱ ግን የፕሮቲኑን መጠን አይነግረንም። የእንቁላል ነጭ ከመቶው 88 ያህሉ ውኃ ነው። መቶ ግራም ነጭ ውስጥ 11 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖር፣ መቶ ግራም አስኳል ውስጥ ደግሞ 16 ግራም ገደማ አለ። ሁለቱን በእኩል ክብደት ብናወዳድር ፕሮቲን በብዛት ያለው አስኳሉ ነው። ይህን ስነግረው ወንድሜ አላመነኝም፤ ብዙ ሰውም አያምንም። አስኳሉ ወፍራም፣ ቅባት ያለው፣ ቢጫ ስለሆነ የስብ ከረጢት ይመስለናል። እርግጥ ስብ አለው፤ ሲሶው ገደማ ስብ ነው። ግማሹ ውኃ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው አብዛኛው ፕሮቲን ነው። ነጩ ደግሞ በብዙ ውኃ ውስጥ የሟሟ ፕሮቲን ነው። የሚበልጠውም በመጠኑ ነው።

በዚህ ሒሳብ የፈረንጁ እንቁላል ነጭ 3.7 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲይዝ አስኳሉ 2.7 ግራም ያህል ይይዛል። ድምሩ 6.4 ነው። ነጩን ብቻ የሚበላ ሰው የእንቁላሉን ፕሮቲን ከመቶ 58 በላ፤ ቀሪውን ከመቶ 42 ገንዳ ውስጥ ደፋው።

ወንድሜ በስድስት ነጭ የሚያገኘው 22 ግራም ገደማ ነው። ይህን ያህል ፕሮቲን ከነአስኳሉ ለማግኘት ስንት እንቁላል ይበቃል? 22ን ለ6.4 ስናካፍል ሦስት ተኩል ይመጣል። እማዬ ስንት እንደሆነ ስነግራት አልገረማትም። በዓይኗ ብቻ ገምታ የሳተችው በግማሽ እንቁላል ነው።

ቀጥዬ የቀፊራውን ሰበርኩ። ከነቅርፊቱ 42 ግራም ነበር፤ ነጩ 22፣ አስኳሉ 15፣ ቅርፊቱ 5። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ነው፤ አስኳሉ ግን ከእንቁላሉ አንጻር ትልቅ ነው። ዶሮዋ ለእንቁላል ብዛትና ትልቅነት አልተመረጠችም። በዘር የተመረጡት የፈረንጅ ዶሮዎች እንቁላል ሲተልቅ በብዛት የሚጨምረው ነጩ ነው። ስለዚህ በቀፊራው እንቁላል ውስጥ ነጩ 2.4 ግራም፣ አስኳሉም 2.4 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። እኩል ናቸው! የሐበሻ እንቁላል አስኳል የሚደፋ ሰው ግማሹን ፕሮቲን ይደፋል፤ የሐበሻ እንቁላል ደግሞ በድሬ ገበያ ከፈረንጁ ይወደዳል።

ወንድሜ ተሟጋች ነው፤ ዝም አላለም። «እሺ ፕሮቲኑ ይሁን፤ ካሎሪውስ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ስድስቱ ነጮች ከ106 ካሎሪ አይበልጡም፤ ሦስት ተኩል ሙሉ እንቁላል ግን 255 ገደማ ነው። ክብደት ለመቀነስ እያንዳንዱን ካሎሪ ለሚቆጥር ሰው ነጩ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ከዚያ ባነሰ ካሎሪ ያን ያህል ጥራት ያለው ፕሮቲን የሚሰጥ ምግብ ብዙ አይገኝም። ወንድሜ ግን ቀጭን ልጅ ነው። ክብደት ለመጨመር ነው የሚሠራው። ከዚያም ጂም ውሎ ሲመለስ የጎደለውን 150 ካሎሪ በለስላሳ መጠጥ ይሞላዋል።

ሌላም ነገር አነሳሁለት። በፈረንጆቹ 2017 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደት የሚያነሱ አሥር ወጣት ወንዶችን ይዘው ነበር። ከልምምድ በኋላ አንድ ጊዜ 18 ግራም ፕሮቲን ከሙሉ እንቁላል፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ 18 ግራም ከነጩ ብቻ አበሏቸው። ፕሮቲኑ እኩል ቢሆንም በቀጣዮቹ ሰዓታት ጡንቻ አዲስ ፕሮቲን የመሥራቱ ሥራ ከሙሉ እንቁላሉ በኋላ ከፍ ብሎ ታየ። የሙከራው ተሳታፊዎች አሥር ብቻ ናቸው፤ የተለካውም የጥቂት ሰዓት ለውጥ ነው። ከወራት በኋላ ጡንቻው ይበልጥ ያድጋል ብሎ መናገር ከዚያ ሙከራ አይቻልም። ሆኖም «አስኳል ጡንቻን ያበላሻል» የሚለውን ወሬ ለመተው ይበቃል።

ያም ሆኖ እውነተኛው ክርክር ከፕሮቲኑ ይልቅ አስኳሉ ብቻ በያዘው ነገር ላይ ነው። ለመረዳት ዶሮዋ እንቁላሉን እንዴት እንደምትሠራው ማየት ያስፈልጋል፤ እኔንም ትምህርት ቤት የማረከኝ ይህ ክፍል ነው።

አስኳሉና ነጩ የሚሠሩት በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ጊዜ ነው። አስኳሉን የሚያዘጋጀው የዶሮዋ ጉበት ነው። ጉበቷ ስብን፣ ፕሮቲንን፣ በስብ የሚሟሟ ቫይታሚንን አንድ ላይ ጠቅልሎ ወደ ደሟ ይልካል፤ ደሙም ወደ እንቁልጢዋ ያደርሰዋል። እያንዳንዱ አስኳል በዋናነት የሚያድገው በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ገደማ ነው። ዶሮዋ በእነዚያ ቀናት የበላችው፣ ጉበቷ ያጠራቀመው ሁሉ እዚያ ይገባል። አስኳሉ ሲሞላ ይለቀቅና ወደ ረጅም ቱቦ ይወርዳል። ነጩ የሚለብሰው በዚያ ቱቦ ውስጥ በሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ቅርፊቱ ሃያ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

አስኳሉ የጫጩቱ ስንቅ ነው። ነጩ ደግሞ ውኃ የሚሰጥ ትራስና የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። በነጩ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች አንዱ የባክቴሪያን ግድግዳ ይሰብራል። ሌላው ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ ባክቴሪያ ያለ ብረት ስለማያድግ ይራባል። አቪዲን የሚባለው ሦስተኛው ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ይይዛል፤ ባክቴሪያው ያንንም ያጣል። ስለዚህ በነጩ ውስጥ ምግብ እንዳይገኝ መደረጉ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ባዶ መሆኑ መከላከያው ነው። በውኃ ላይ የተሠራ ስለሆነም በስብ የሚሟሟ ነገር ማስቀመጫ የለውም።

ይህን የተረዳ ሰው ዝርዝሩን መሸምደድ አያስፈልገውም። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ የሚሟሙ ናቸው፤ ስለዚህ ያሉት በአስኳሉ ውስጥ ብቻ ነው። በነጩ ውስጥ ዜሮ ናቸው። ስቡ ሁሉ፣ ኮሌስትሮሉ ሁሉ፣ ለዓይን የሚጠቅሙት ሉቲንና ዜአዛንቲን የተባሉት ቢጫ ቀለሞች እዚያው አስኳሉ ውስጥ ናቸው። ቫይታሚን ቢ12 እና ፎሌት ነጩ ላይ ዱካቸው ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ አስኳሉ ላይ ናቸው። ዚንክና ብረትም እንዲሁ።

ነጩ ግን ፈጽሞ ባዶ ነው ማለት ስህተት ነው። ቫይታሚን ቢ2፣ ማለትም ሪቦፍላቪን፣ በአንድ የፈረንጅ እንቁላል ውስጥ በድምሩ የሚበዛው በነጩ በኩል ነው። ጥሬ ነጭን በብርሃን ፊት ከፍ አድርጎ ያየ ሰው ትንሽ አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ነገር ይታየዋል፤ ያ ቀለም የእሱ ነው። ፖታሲየሙ፣ ሶዲየሙ፣ ማግኒዚየሙ የሚበዛውም እዚያ ነው። ሴሊኒየምን ሁለቱም ይካፈሉታል።

ከአስኳሉ ነገሮች ውስጥ በቤታችን ሕይወት ላይ ክብደት የነበረው ኮሊን ነው። ታናሽ እህቴ በዚያን ወቅት የዘጠኝ ወር ልጅ ታጠባ ነበር፤ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ናት። ኮሊን እንደ ቫይታሚን ዲ በየሰው አፍ ላይ አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ከምግብ መገኘት አለበት ብሎ የዕለት መጠን ያወጣለት በፈረንጆቹ 1998 ነው። ጉበታችን ትንሽ ይሠራል፤ የሚበቃውን ያህል ግን አይሠራም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ቆዳ የሚሠራው ከእሱ ነው። ጉበት ስብን ወደ ውጭ የሚልከው በእሱ ነው፤ ኮሊን በጣም ሲጎድል ስቡ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዝበት ኬሚካልም የሚሠራው ከኮሊን ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ነው መጀመሪያ ጆሮውን የሰጠኝ።

ለአዋቂ ወንድ በቀን 550 ሚሊግራም፣ ለአዋቂ ሴት 425፣ ለነፍሰ ጡር 450፣ ለምታጠባ እናት ደግሞ 550 ሚሊግራም ይመከራል። የምታጠባዋ ከፍ የሚለው ልጇ በጡት ወተት በኩል ስለሚወስደው ነው። አንድ የፈረንጅ እንቁላል አስኳል 140 ሚሊግራም ገደማ አለው። የዚያው እንቁላል ነጭ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ወንድሜ በየጠዋቱ ገንዳው ውስጥ የሚደፋው ስድስት አስኳል 840 ሚሊግራም ገደማ ኮሊን ነው፤ እህቴ ለአንድ ቀን ከሚያስፈልጋት በላይ። እሷ ደግሞ ያን ጠዋት በሻይና በዳቦ ነበረች። ይህን ስናገር ማንም አልሳቀም። ወንድሜ ስኒውን አይቶ ዝም አለ።

ስለ ቫይታሚን ኤ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም ሰው በቀለሙ ይሳሳታል። «የሐበሻ እንቁላል አስኳሉ ቀይ ስለሆነ ቫይታሚኑ ይበዛል» ይባላል። ቀለሙን የሚሰጡት በዋናነት ሉቲንና ዘመዶቹ ናቸው፤ እነሱ ወደ ቫይታሚን ኤ አይለወጡም። የሚመጡት ከዶሮዋ ምግብ ነው፤ ከአረንጓዴ ቅጠል፣ ከሣር፣ ከቢጫ በቆሎ። በእኛ አካባቢ ማሽላ ዋናው እህል ነው፤ ማሽላና ነጭ በቆሎ ብቻ የምትለቅም ዶሮ የገረጣ አስኳል ትጥላለች። እማዬ ከአንዲት ሴት በክረምት የገዛችው እንቁላል ብርቱካን መስሎ፣ በበጋ ከዚያችው ሴት የገዛችው የገረጣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ በክረምት ሣሩ አለ። የደመቀ አስኳል ሉቲን እንዳለው በእርግጥ ይናገራል። ቫይታሚን ኤው ግን ራሱ ቀለም ስለሌለው በዓይን አይለካም። በአማካይ አንድ አስኳል 70 ማይክሮግራም ገደማ ቫይታሚን ኤ ይኖረዋል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን የሚመከረው 300 ነው።

ቫይታሚን ዲም በአስኳሉ ብቻ ይገኛል፤ ሆኖም ብዙ አይደለም። አዋቂ ሰው በቀን 600 ዩኒት ሲመከርለት አንድ አስኳል 40 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ለዚህኛው የድሬን ፀሐይ የሚተካ ምግብ የለም።

ብረት ላይ ግን እማዬም ተሳስታለች። «አስኳል ደም ይሆናል» እያለች የወገብ ሕመም ላለባት ሴት፣ ለወላድ ሁሉ ትመክራለች። ብረቱ አስኳሉ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ማረጋገጫው ራሱ ማድቤት ውስጥ አለ፤ እንቁላል ከልክ በላይ ሲቀቀል በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ግራጫ ቀለበት ይወጣል። ከነጩ የሚወጣው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው፤ አይጎዳም። ችግሩ ብረቱ ፎስቪቲን ከሚባል የአስኳል ፕሮቲን ጋር በጣም የተጣበቀ መሆኑ ነው። አንጀታችን ሊያላቅቀው ይቸገራል። መጠኑም በአንድ አስኳል ግማሽ ሚሊግራም አይሞላም። ስለዚህ ደም ያነሳት ሴት በአስኳል ተማምና ከጤና ጣቢያ የታዘዘላትን የብረት ክኒን መተው የለባትም። ለእማዬ ይህን ስነግራት ቅር አላት፤ ግን ያኔ ክኒኗን ትታ ለነበረችው ለጎረቤታችን ራሷ ሄዳ ነገረቻት።

ኮሌስትሮሉስ? አንድ አስኳል 185 ሚሊግራም ገደማ አለው። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አስኳል እንዲደፋ ያደረገ ቁጥር ነው። ሆኖም በደማችን ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ጉበታችን ነው፤ ብዙ ሰው ከምግብ ሲያገኝ የራሱ ጉበት ምርቱን ይቀንሳል። የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው የረጋ ስብ ነው፤ ከአንድ እንቁላል ይልቅ እንቁላሉ የሚጠበስበት ሁለት ማንኪያ ቅቤ ይብሳል። አሜሪካኖች በቀን ከ300 ሚሊግራም አይብለጥ የሚለውን ጣሪያ ከፈረንጆቹ 2015 መመሪያቸው አውጥተውታል። ለጤነኛ ሰው በቀን አንድ እንቁላል ከነአስኳሉ የሚያሰጋ አይደለም።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። አጎታችን ስኳር አለበት። የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም፤ እንቁላል በብዛት የሚበሉት ላይ የልብ ሕመም ከፍ ብሎ የታየባቸው አሉ። ኮሌስትሮል በዘር ከፍ የሚልበት ሰውም አለ። ለእነዚህ ሰዎች አስኳሉን መቀነስና የቀረውን በነጩ መሙላት ጥሩ ብልሃት ነው፤ አጎታችን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ በሳምንት ሦስት አስኳል ላይ ረግቷል። ኩላሊቱ ታሞ እጥበት የሚያደርግ ሰውም ሌላ ነው። እሱ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ፎስፈረስ ግን ይጎዳዋል። ፎስፈረሱ ደግሞ አስኳሉ ላይ ነው፤ ነጩ ላይ እጅግ ትንሽ ነው። ለእሱ የእንቁላል ነጭ ምትክ የሌለው ምግብ ነው፤ ነጭ ብቻ መብላት ትርጉም ያለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ስለ ጥሬ እንቁላል መናገር ግድ ሆነብኝ፣ ምክንያቱም ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ጥሬ ነጭ በብርጭቆ መጠጣት እንደጀመረ የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። «ሲበስል ፕሮቲኑ ይቃጠላል» አሉት። እውነቱ ተቃራኒው ነው። በፈረንጆቹ 1998 በቤልጂየም የተደረገ ጥናት ሰዎች ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲኑን ከመቶ 91 ገደማ ሲፈጩ ከጥሬው ግን ከመቶ 51 ገደማ ብቻ እንደፈጩ አሳይቷል። ጥሬው ፕሮቲን እንደ ተጠቀለለ ክር ነው፤ ሙቀት ክሩን ይፈታዋል፤ ያኔ የጨጓራችን ኢንዛይም ይደርስበታል። ስለዚህ ስድስት ጥሬ ነጭ የጠጣ ልጅ 22 ግራም በላሁ ቢልም የሚደርሰው ወደ 11 ግራም ነው፤ ከሁለት የተቀቀለ ሙሉ እንቁላል ያነሰ። ጥሬው ውስጥ ያለው አቪዲንም ባዮቲኑን ይዞ ይሄዳል፤ ሲበስል ግን ይህ ኃይሉ ይሰበራል። ለወራት በየቀኑ ብዙ ጥሬ ነጭ የሚጠጣ ሰው ፀጉሩ ሊሳሳ፣ ቆዳው ሊቆጣ ይችላል። በተጨማሪም በድሬ ሙቀት ሱቅ ውስጥ ቀናት የቆየ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ካለበት ባክቴሪያው ይባዛል። ነጩ ነጣ ብሎ፣ አስኳሉም ጠንከር እስኪል ማብሰል ነው።

ሙቀቱን ካነሳሁ፣ ነጩንና አስኳሉን መለየት የሚፈልግ ሰው የሚገጥመውን ላንሳ። ወንድሜ አንድ ጠዋት ከስድስቱ ሦስቱ አስኳል እየፈነዳበት ተናደደ። እንቁላሉ ሳምንት ሙሉ ከፍሪጅ ውጭ፣ መደርደሪያ ላይ ነበር። እንቁላል በሙቀት ሲቆይ ከነጩ ውኃ ወደ አስኳሉ ይሻገራል፤ አስኳሉ ይነፋል፣ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ሲነካ ይፈሳል። ነጩም ቀጥኖ በሳህኑ ላይ እንደ ውኃ ይንሸራተታል። ትኩስ እንቁላል ግን አስኳሉ ጉብ ብሎ ይቆማል፤ ነጩም በዙሪያው ወፍራም ሆኖ ይሰበሰባል። ሳይሰበር ለማወቅ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ማስተኛት ነው። ጋደም ያለው ትኩስ ነው፣ ጫፉን ያነሳው የቆየ ነው፣ የተንሳፈፈው ደግሞ ውስጡ አየር የሞላበት አሮጌ ነው፤ እሱን አልገዛም። እማዬ ቀፊራ ስትሄድ ሴቶቹን ውኃ አትጠይቅም፤ እንቁላሉን ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ትነቀንቀዋለች። ውስጡ ሲንቀጫቀጭ ከሰማች ትመልሰዋለች። ተመሳሳይ ነገር ነው የምትሰማው።

አሁን ጠዋት የሚሰበረው እንቁላል አራት ነው። ወንድሜ ሁለቱን ከነአስኳሉ ከሁለት ተጨማሪ ነጭ ጋር ይጠብሳል፤ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ሁለት አስኳል። የተረፉት ሁለት አስኳሎች ስኒ ውስጥ ይገባሉ፤ ገንዳ ግን አያዩም። አንዱን እህቴ በትንሽ ዘይት ከሽንኩርትና ቲማቲም ጋር ፈርፍራ ትበላዋለች። ሌላውን እማዬ የልጁ ገንፎ እሳት ላይ እያለ ታማስልበታለች፤ እስኪበስል ድረስ እያማሰለች ትቆያለች፤ ካሮት ካለም ፍቃ ትጨምራለች። ካሮቱ ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም ስብ ከሌለ ከአንጀት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም፤ የአስኳሉ ስብ ይዞት ይገባል።

አንዳንድ ቀን እህቴ ቶሎ ካልተነሳች አስኳሉን ውኃ ጠብ አድርጌበት፣ ስኒውን ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ውኃው ፊቱ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። እስከ ማግስቱ ይቆያል። መብራት ከጠፋ ግን አላስቀምጠውም፤ ወዲያው አብስለን ለልጁ እንሰጠዋለን።